«ሁለተኛ ደረጃ» ሲባል ምን ማለት ነው? የውሻ ማስት ሴል ዕጢ የባዮፕሲ ውጤትና የባለቤቱ ውሳኔ



የዛሬው ንግግሬ የሚያተኩረው አንድ ገጽ በማይሞላ ጽሑፍ ላይ ነው። ይህም ከፓቶሎጂ ክፍል ወጥቶ በእንስሳት ሐኪሙ በኩል ለውሻው ባለቤት የሚደርሰው የባዮፕሲ ውጤት ነው። በሽታው ማስት ሴል ዕጢ ሲሆን ባለቤቱ ከውጤቱ ውስጥ ይዞት የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ግሬዱ ነው። ግሬዱ የሚናገረውንና የማይናገረውን ለይተን ካላስረዳነው፣ ባለቤቱ ወይ ያለ ምክንያት ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይ ያለ ምክንያት ይዘናጋል።

ማስት ሴል በጤናማ ውሻ ቆዳ ውስጥም የሚገኝ የሰውነት መከላከያ ህዋስ ነው። በውስጡ ሂስታሚንና ሌሎች ንጥረ ነገሮችን የያዙ ቅንጣቶች አሉት። ይህ ህዋስ ያለ ልክ ሲራባ በውሻ ቆዳ ላይ በብዛት ከሚታዩት ነቀርሳዎች አንዱን ያስከትላል። ባለቤቶች «እብጠቱ አንድ ቀን ይተልቃል፣ በማግስቱ ይቀንሳል» የሚሉት፣ ከቅንጣቶቹ የሚወጣው ሂስታሚን ዙሪያውን ስለሚያሳብጥ ነው።

ለማስረዳት ያህል አንድ የተለመደ ዓይነት ውጤት ልውሰድ። ስምንት ዓመት የሆናት ቦክሰር ውሻ ትከሻዋ ላይ 1.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው እብጠት ወጣባት እንበል። ሐኪሙ በመርፌ ናሙና ወስዶ ማስት ሴል መሆኑን አወቀ፤ ከዚያም እብጠቱን ከዙሪያው ጤናማ ቆዳ ጋር ቆርጦ አወጣና ላከልን። የእኛ መልስ እንዲህ ይላል፦ የቆዳ ማስት ሴል ዕጢ፤ በፓትናይክ አመዳደብ ግሬድ 2፤ በኪዩፔል አመዳደብ ዝቅተኛ ግሬድ፤ በ10 የማይክሮስኮፕ የእይታ መስኮች 1 በመከፋፈል ላይ ያለ ህዋስ፤ የጎን ጠርዝ 5 ሚሊ ሜትር፣ የታች ጠርዝ 1 ሚሊ ሜትር፣ ሁሉም ከዕጢው ነጻ።

የመጀመሪያው ችግር የሚነሳው ከራሳችን ቋንቋ ነው። በአማርኛ ግሬድንም ስቴጅንም «ደረጃ» ብለን እንጠራለን። ስለዚህ ባለቤቷ «ሁለተኛ ደረጃ ካንሰር» ሲባሉ፣ በሽታው ከመጀመሪያው ቦታ አልፎ በሰውነቷ መሰራጨት እንደጀመረ አድርገው ይረዱታል። ውጤቱ ግን ይህን አላለም። ስቴጅ በሽታው የት ድረስ እንደ ደረሰ የሚናገር ሲሆን፣ የሚታወቀውም ውሻዋን በመመርመር ነው። ግሬድ ግን በማይክሮስኮፕ ከታዩት ህዋሳት ተነስቶ የዕጢውን ጠባይ የሚገምት ነው። እኔ በበኩሌ ለባለቤቶች ሲነገር አንዱን «የጠባይ ደረጃ»፣ ሌላውን «የስርጭት ደረጃ» ብሎ መለየት ይሻላል እላለሁ።

ሁለተኛው ችግር አንዱ ዕጢ ሁለት ግሬድ መያዙ ነው። ፓትናይክና ባልደረቦቹ በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 83 ውሾችን ተመልክተው ዕጢውን በሦስት ከፈሉት። ከ1,500 ቀናት በኋላ በሕይወት የተገኙት በግሬድ 1 93 በመቶ፣ በግሬድ 2 44 በመቶ፣ በግሬድ 3 6 በመቶ ነበሩ። ባለቤቷ ይህን ቢያነቡ 44 የሚለው ቁጥር እንቅልፍ ይነሳቸዋል። ነገር ግን ግሬድ 2 አብዛኞቹ ዕጢዎች የሚወድቁበት ሰፊ መካከለኛ ክፍል ነው፤ በውስጡም ቆርጦ በማውጣት ብቻ የሚድኑም፣ ፈጥነው የሚሰራጩም ይገኛሉ። አንባቢዎቹ ፓቶሎጂስቶችም ይለያያሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. ኪዩፔልና ባልደረቦቹ 95 የቆዳ ዕጢዎችን ለ28 ፓቶሎጂስቶች ሲያቀርቡ፣ በግሬድ 3 ላይ የነበረው ስምምነት 75 በመቶ፣ በግሬድ 1 እና 2 ላይ ደግሞ ከ64 በመቶ በታች ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ጥናት የወጣው ባለ ሁለት ክፍል አመዳደብ የሚቆጠር ነገር ላይ ይመሠረታል። በ10 የእይታ መስኮች ቢያንስ 7 በመከፋፈል ላይ ያሉ ህዋሳት፣ ወይም ቢያንስ 3 ብዙ ኒውክለስ ያላቸው ህዋሳት፣ ወይም ቢያንስ 3 ቅርጻቸው እጅግ የተዛባ ኒውክለሶች ከተገኙ፣ አልያም ከልክ በላይ የተለቁ ኒውክለሶች በበቂ መጠን ከታዩ፣ ዕጢው ከፍተኛ ግሬድ ይባላል። አንዱ ብቻ ይበቃል። በጥናቱ የከፍተኛ ግሬድ ውሾች መካከለኛ የሕይወት ዘመን ከ4 ወር በታች ሲሆን፣ የዝቅተኛ ግሬዶቹ ከ2 ዓመት በላይ ነበር። ስለዚህ በምሳሌያችን «ግሬድ 2» የሚለውን «ዝቅተኛ ግሬድ» ከሚለው ነጥሎ ማንበብ አይገባም፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያብራራዋል። የቦክሰሯ ዕጢ ከፓትናይክ መካከለኛ ክፍል ውስጥ በሻለኛው ወገን የሚገኝ ነው።

ቀጥሎ ጠርዙን እንመልከት። «ነጻ» ማለት ቀለም በተቀባው የናሙናው ዳር ላይ የዕጢ ህዋስ አልታየም ማለት ነው። የታች ጠርዙ 1 ሚሊ ሜትር መሆኑ ባለቤቷን ያሰጋቸው ይሆናል። ሆኖም ቆዳ ከተቆረጠ በኋላም ሆነ በፎርማሊን ውስጥ ይኮማተራል፤ በስላይድ ላይ የተለካው በሕይወት ካለው አካል ላይ ከነበረው ያንሳል። ከዚህም በላይ የጠርዙ ትርጉም በግሬዱ ይወሰናል። ዝቅተኛ ግሬድ ዕጢ ጠባብ ቢሆንም ነጻ በሆነ ጠርዝ ከወጣ በቦታው ተመልሶ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ከፍተኛ ግሬድ ግን ጠርዙ ሰፊና ነጻ ሆኖም ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ በዚህች ውሻ 1 ሚሊ ሜትሩ ብቻውን ዳግም ቀዶ ሕክምና ለማድረግ በቂ ምክንያት አይሆንም።

ግሬዱ የማይመልሰው ጥያቄ ግን አለ፤ ይኸውም ንፍፊቱ ነው። ዝቅተኛ ግሬድ ዕጢም አንዳንድ ጊዜ ወደ ቅርቡ ንፍፊት ይሄዳል፤ ንፍፊቱ በእጅ ሲዳሰስ አለማበጡም ዋስትና አይሆንም። ለትከሻ ዕጢ ብዙውን ጊዜ የሚመረመረው ከትከሻው ፊት ያለው ንፍፊት ነው፤ ከእሱ በመርፌ ናሙና መውሰድ ቀላል ነው። እዚህ ላይም ጥንቃቄ ያሻል፤ በጤናማ ንፍፊት ጥቂት ማስት ሴሎች ስለሚገኙ አንድ ሁለት ህዋስ ማየት መሰራጨት ማለት አይደለም። ተከማችተው ወይም ቅርጻቸው ተዛብቶ ሲገኙ ግን ጉዳዩ ይለወጣል።

እንግዲህ የቦክሰሯ ንፍፊት ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ፣ ባለቤቷ ለኬሞቴራፒ ወጪ መጨነቅ አይኖርባቸውም። የሚጠበቅባቸው ጠባሳውንና መላ ቆዳዋን በየጊዜው መዳሰስ፣ አዲስ እብጠት ሲያገኙም ሳይዘገዩ በመርፌ ማስመርመር ነው። ቦክሰሮች ከአንድ በላይ እንዲህ ያለ ዕጢ ሊያወጡ ይችላሉ፤ አዲሱ ሁልጊዜ የአሮጌው ስርጭት ነው ማለት አይቻልም። ውጤቱ ከፍተኛ ግሬድ ቢሆን ኖሮ ግን ጉበቷንና ጣፊያዋን በአልትራሳውንድ ማየት፣ እንደ ቪንብላስቲን ስላሉ መድኃኒቶችም መወያየት ግድ ይሆን ነበር።

በመጨረሻም ሁለት ገደቦችን ላስታውስ። እነዚህ አመዳደቦች የተሠሩት ለቆዳ ዕጢ ነው፤ ከቆዳ ሥር ባለው ስብ ውስጥ ብቻ ለሚገኝ ማስት ሴል ዕጢ አይሠሩም። እንዲሁም ቆጠራው የሚካሄደው ዕጢው በከፋበት ቦታ ስለሆነ፣ ከትልቅ ዕጢ የተቆረሰች ትንሽ ናሙና «ዝቅተኛ ግሬድ» ብትባል፣ የከፋው ክፍል ከናሙናው ውጭ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ባለቤት ሊጠይቅ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄም ይህ ነው፦ የታየው ዕጢው በሙሉ ነው ወይስ ቁራሹ?