ከ«አይዞህ» በፊት

ያዘነ ሰው ሲያጋጥመን አፋችን ላይ ቶሎ የሚመጣው «አይዞህ፣ ያልፋል» ነው። እሱ ግን በዚያ ሰዓት ብዙ ጊዜ የሚከፍተው የሚያስጨፍር ሳይሆን የሚያስለቅስ ዘፈን ነው። የሐዘን ዘፈን የሚያጽናናው ሐዘኑን ስለሚያባርር አይመስለኝም፤ ከማጽናናቱ አስቀድሞ ሐዘኑን ስለሚቀበል ነው።

ይህን ቅደም ተከተል ከሐሙሲት እስከ ባሕር ዳር ለቅሶ ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ለቅሶ ደራሹ ከደጅ ጀምሮ አብሮ ያለቅሳል እንጂ አይመክርም። አልቃሿ ሁለት ሁለት ስንኝ እያወረደች ሟቹን በስሙ፣ በሙያው፣ ትቷቸው በሄደ ልጆቹ ታነሣዋለች፤ ለቀስተኛው በእንባ ይቀበላታል። «እግዜር ያጥናችሁ» የሚባለው ከዚያ በኋላ፣ ሰው አረፍ ሲል ነው። ሙሾ አንጀት የሚበላው ሞት ክፉ መሆኑን ስለነገረን ሳይሆን የጎደለውን ለይቶ ስለጠራ ነው። ሐዘንተኛው መናገር ያቃተውን ሌላ ሰው ሲናገርለት ይሰማል።

ለብቻው ለተቀመጠ ሰው ይህን የሚያደርግለት ትዝታ ነው። ዜማው በአምስት ድምፆች ብቻ ይመላለሳል፤ ይወጣል፣ ይዘገያል፣ ደግሞ ወደ መሠረቱ ድምፅ ይመለሳል። ግጥሙም የአንድ ሰው አይደለም፤ ዘፋኙ የራሱን ስንኝ እየመረጠ ያስገባል። ስለዚህ የአስናቀች ወርቁ በክራር፣ የማሕሙድ አሕመድ በባንድ፣ ሁለቱም ትዝታ ሆነው ሁለት የተለያዩ ሐዘኖች ናቸው። ዘፋኙ ናፍቆቱን ቢያማርረውም መልሶ ይጠራዋል፤ ሰሚውን እርሳው ብሎ አያስገድደውም። በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሊላ ታሩፊና ስቴፋን ኬልሽ የተባሉ ተመራማሪዎች 772 ሰዎችን ጠይቀው ነበር። አሳዛኝ ሙዚቃ ከሁሉ በላይ የሚቀሰቅሰው ናፍቆትን መሆኑን አገኙ። ትዝታ ለሚያዳምጥ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

«ታዲያ ቁስሉን መነካካት አይሆንም ወይ?» የሚል ይኖራል። ለአንዳንዱ ይሆናል። በተለይ አንድን ሐሳብ ሲያብሰለስል የሚውል ሰው አሳዛኝ ዘፈን ሰምቶ ሊብስበት እንደሚችል ጥናቶች አሳይተዋል። ለቅሶ ቤት ግን ሰው አለ፣ ማብቂያም አለው፤ በጆሮ ማዳመጫ የሚደጋገም ዘፈን ሁለቱም የሉትም። መለያው ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። አልቅሶ ቀለል ካለው፣ ስላጣው ነገር ማውራት ከቻለ፣ እህል ከቀመሰ ዘፈኑ ሥራውን ሠርቷል። «ጥፋቱ የኔ ነው» የሚለው ሐሳብ ብቻ እየተመላለሰ እንቅልፍ ከነሣው ግን ዘፈኑን ዘግቶ ሰው መፈለግ አለበት፤ ሁኔታው ለሳምንታት ከዘለቀም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ከሐዘንተኛው አጠገብ ያላችሁ ደግሞ ዘፈኑን ለመቀየር አትቸኩሉ። እስኪያልቅ አብራችሁት ስሙና ስለማን እንደሚያስብ ጠይቁት። ማጽናናቱ ከዚያ ይደርሳል።