ከመዝለል በፊት ማረፍን ስለ ማስተማር
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በጅማ ከተማ በጊንጆ ሠፈር፥ እንዲሁም በዙሪያው ባሉት የቡና ከተሞች፥ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሜዳ ላይ ገመድ ወጥረው ሲዘልሉ ይታያሉ። የሚመለከታቸውም ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው ልጁ ምን ያህል ከፍ እንዳለ በማየት ላይ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ተመልካቹ ልብ ስለማይለው ስለ ሁለተኛው ነገር፥ ይኸውም ልጁ ወደ መሬት ሲመለስ እንዴት እንደሚያርፍ ነው። ከ12 እስከ 16 ዓመት ያለውን ዘላይ የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ መነሣቱ ሳይሆን ማረፉ ነውና።

ዘላዮች የሚለማመዱት የንጥሪያ ልምምድ በአሠልጣኞች ዘንድ ፕላዮሜትሪክ ይባላል። ምሥጢሩም አጭር ነው። ጡንቻና ጅማት በማረፍ ጊዜ ይለጠጣሉ፤ ወዲያው ሳይዘገዩ ሲኮማተሩም ገላን ወደ ላይ ይወረውሩታል። ይህንን ልምምድ እጅግ አክብዶ፥ ከከፍታ ላይ ወርዶ ወዲያው መንጠርን ያስፋፋው የሶቪየት ኅብረቱ አሠልጣኝ ዩሪ ቬርሆሻንስኪ ሲሆን፥ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1960ዎቹ ነበር። ነገር ግን ያ ልምምድ የታሰበው ብዙ ዓመት ለሠለጠኑ አዋቂ ስፖርተኞች ነው። አጥንቱ ገና በማደግ ላይ ላለ ልጅ ከመጨረሻው ደረጃ መጀመር፥ ፊደል ሳይቆጥሩ ደብዳቤ ለመጻፍ እንደ መነሣት ነው።

እንግዲህ መጀመሪያው ማረፍ ነው። ልጁ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ሣጥን ወይም ደረጃ ላይ ይቁም፤ ሳይዘልል በቀስታ ወደ ፊት ወርዶ በሁለት እግሩ ይረፍና ሦስት እስኪቆጠር ድረስ ሳይነቃነቅ ይቆይ። በመልካም ማረፍ የእግር ፊተኛው ክፍል መጀመሪያ መሬት ይነካል፤ ተረከዝም ወዲያው ቀስ ብሎ ይከተላል። ዳሌ ወደ ኋላ፥ ደረትም ጥቂት ወደ ፊት ይላል፤ ጉልበትም ታጥፎ በእግር ጣቶች አቅጣጫ ይቆማል። አሠልጣኙ ከፊት ለፊት ቆሞ ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ እንዳይጠጋጉ ይመልከት። ይህ ጉድለት ሰውነታቸው በፍጥነት ባደገ ልጃገረዶች ላይ በብዛት ይታያል፤ የጉልበትንም ጅማት ለአደጋ ያጋልጣል።

ከዓይን ሌላ ጆሮም ዳኛ ነው። በሚገባ ያረፈ ልጅ ድምፁ ብዙ አይሰማም። ማረፉ እንደ ወደቀ ጆንያ «ዱብ» ካለ፥ ጡንቻው ሸክሙን አልተቀበለምና አጥንቱና መገጣጠሚያው ተቀብለውታል ማለት ነው። በልምምዱ መካከል ድምፁ እየጎላ ሲሄድ ልጁ ደክሟል፤ የቀረው ቍጥር ስንትም ቢሆን የዚያን ቀን ልምምድ በዚያው ያብቃ።

ሁለተኛው ነገር መጠን ነው። አሠልጣኝ መቍጠር ያለበት ሰዓትን ሳይሆን እግር መሬት የነካበትን ጊዜ ነው። አንድ የሱሉስ ዝላይ ሙከራ ሦስት ማረፊያ አለው፤ ሁለቱ በአንድ እግር በጠንካራው መንደርደሪያ ላይ፥ ሦስተኛው በአሸዋው ውስጥ ነው። ስለዚህ ዐሥር ጊዜ የሞከረ ልጅ 30 ጊዜ አርፏል። የቅርጫት ኳስና የመረብ ኳስ ዝላይም ከዚሁ ይደመራል። በቡና ለቀማ ወራትም ልጁ ቀኑን ሙሉ ተዳፋት ሲወጣና ሸክም ሲያወርድ ውሎ ከሆነ፥ እግሩ ልምምዱን የጀመረው ደክሞ መሆኑን መርሳት አይገባም።

ለምሳሌ ያህል ሱሉስ ዝላይን የሚወድ አንድ የ14 ዓመት ልጅ እንውሰድ። በሳምንት ሁለት ቀን፥ ማክሰኞና ዓርብ ይለማመዳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከሣጥን ወርዶ ማረፍን ብቻ ይማራል፤ አምስት አምስት እያደረገ በየመካከሉም እያረፈ በአንድ ቀን 40 ጊዜ ነው። በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት ባለበት ቦታ በሁለት እግሩ ወደ ላይ ዘልሎ ጸጥ ብሎ ይቆማል፤ ቍጥሩም 50 ይሆናል። በ5ኛው ሳምንት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸውን እንጨቶች በእያንዳንዱ መካከል እየቆመ ይሻገራል፤ 60 ይደርሳል። በ6ኛው ሳምንት እነዚያኑ እንጨቶች ሳይቆም በተከታታይ ይንጠራል። በዚህ ጊዜ ልምምዱ ስለ ከበደ ቍጥሩ ወደ 40 ይወርዳል። ሕጉ ይህ ነው፤ ክብደት ሲጨመር ቍጥር ይቀነሳል እንጂ ሁለቱ በአንድነት አይጨመሩም። በ7ኛውና በ8ኛው ሳምንት 50 ከደረሰ በኋላ፥ በ9ኛው ወደ 30 ወርዶ ሰውነቱ ይረፍ። በ10ኛው ሳምንት በአንድ እግር መንጠር ይጀምራል፤ እርሱም ለአንዱ እግር 15 ብቻ ነው።

ዳሩ ግን ዕቅድ በወረቀት ላይ እንደ ተጻፈ አይሄድም። ይህ ልጅ በ8ኛው ሳምንት ቁመቱ ሲለካ በሦስት ወር ውስጥ 3 ሳንቲ ሜትር አድጎ ተገኘ እንበል። ከጉልበቱ ሎሚ በታች ባለው የአጥንት ጉብታ ላይም ሲነኩት ያመዋል። አጥንት ፈጥኖ ሲያድግ በጉልበት ሎሚ በኩል የሚያልፈው ጅማት የተያያዘበትን ለጋ ሥፍራ ይስበዋል፤ ሕመሙን ሐኪሞች ኦስጉድ ሽላተር ይሉታል። አሠልጣኙ «ልጅ ነው፥ ይለምደዋል» ብሎ ወደ 10ኛው ሳምንት ቢያሻግረው ሕመሙ ለወራት ሊቆይ ይችላል። የሚገባው ግን ንጥሪያውን ማቆም፥ ካላመመውም ከዝቅተኛ ቦታ ማረፍን በግማሽ ቍጥር ማስቀጠል ነው። በማግሥቱ ጧት ሕመሙ ካልቀነሰ ወይም ልጁ ካነከሰ ልምምዱ በሙሉ ይቁም፤ ሐኪምም ይየው። ቁመትን በየሦስት ወሩ መለካት የሚጠቅመው ስለዚህ ነው።

በመጨረሻ ስለ ሜዳው እንናገር። በቡና አገር የስሚንቶ ማስጫ ሜዳ ደልዳላ ስለ ሆነ ልጆችን ይስባል። ነገር ግን ስሚንቶ ምንም አይሰጥም፤ የማረፉ ኃይል በሙሉ ወደ እግር ይመለሳል። ጥልቅ አሸዋ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ኃይሉን ስለሚውጠው ፈጥኖ መንጠርን አያስተምርም፥ ቁርጭምጭሚትንም ያወላግዳል። አሸዋ ለዝላዩ መጨረሻ እንጂ ለንጥሪያ ልምምድ አልተሠራም። የሚሻለው ጉድጓድና ድንጋይ የሌለበት ደረቅ የሣር ሜዳ ነው፤ አሠልጣኙም ልጆቹ ከመዝለላቸው በፊት በእግሩ ዞሮ ይፈትሸው።

ጅማ ግን ዝናብ የሚበዛበት አገር ነው፤ በክረምት ቀዩ አፈር እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። የሚያንሸራትት ሜዳ ከጠንካራው ይብሳል፤ እግር ሸርተት ሲል ጉልበት ይጠመዘዛልና። ፈተናው ቀላል ነው፤ አሠልጣኙ በአንድ እግሩ ቆሞ ተረከዙን ተጭኖ ይዙር። ከተንሸራተተ ወይም ጥልቅ ዱካ ከተወ የዚያ ቀን ዝላይ ይቅር፤ ልጆቹም በጣራ ሥር ቁጢጥ ብሎ በመነሣትና በጣት በመቆም እግራቸውን ያጠንክሩ። የቀረውም ዝላይ በሚቀጥለው ቀን ላይ እንደ ዕዳ አይደመር።

የጊንጆና የአካባቢው አሠልጣኞች ሆይ፤ ነገ ሜዳ ስትወጡ ገመዱን ከመወጠራችሁ በፊት ጀርባችሁን ለልጆቹ ሰጥታችሁ አንድ ጊዜ አዝልሉአቸው። የማንኛው እግር «ዱብ» እንደሚል ጆሮአችሁ ይነግራችኋል፤ ትምህርቱም ከዚያ ልጅ ይጀምር።