በፎቶግራፍ ያለውን መለየትና የሰውን ማንነት ማወቅ

«ኮፍያ ያደረገ ሰው ቆሟል» ለማለት ፎቶግራፉ ራሱ ይበቃል፤ ስሕተት ቢኖር ዳግመኛ ያየው ሁሉ ያርመዋል። «ይህ ሰው እገሌ ነው» ለማለት ግን ከምስሉ ውጭ ያለ መዝገብ ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ ፊቱን ወደ ቁጥሮች ይለውጥና በመዝገቡ ካሉት የሚቀርበውን ይፈልጋል። ተፈላጊው ሰው በመዝገቡ ባይኖርም እንኳ፣ የመመሳሰል ወሰን ካልተበጀለት በቀር፣ አንድ «ቅርብ» ምንጊዜም ይገኛል፤ መዝገቡ በሰፋ ቁጥርም ተመሳሳይ ባዕዳን ይበዛሉ።

በ2018 እ.ኤ.አ. በዲትሮይት ከአንድ መደብር ሰዓቶች ተሰረቁ። ከካሜራ የተወሰደው ደብዛዛ ምስል ከሚሺጋን የመንጃ ፈቃድ ፎቶግራፎች ጋር ተነጻጸረ፤ የተጠቆመው ንጹሕ ሰውም በጃንዋሪ 2020 ተይዞ 30 ሰዓት ያህል ታሰረ። ከመያዙ በፊት ምስክር ተጠይቃ ነበር። ይሁንና ፎቶግራፉን የመረጠችው ሠራተኛ ስርቆቱ ሲፈጸም በስፍራው አልነበረችም፤ ያየችው ያንኑ ቪዲዮ ነበር።