ከዜሮ በታች ያለ ሂሳብና ወደ እሱ የሚገባ ገንዘብ



የዛሬው ንግግሬ የሚያጠነጥነው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። ሂሳቡ ከዜሮ በታች የወረደ ሰው ገንዘብ ሲገባለት፣ ያ ገንዘብ የማን ይሆናል?

ሳንጃ ላይ ሰሊጥ የሚገዛ ነጋዴን እናስብ። ባንኩ በተንቀሳቃሽ ሂሳቡ ላይ የ500,000 ብር የኦቨርድራፍት ጣሪያ ፈቅዶለታል፤ ወለዱ በዓመት 16 በመቶ ነው እንበል። በወሩ መጀመሪያ 400,000 ብር አውጥቶ ከገበሬው ሰሊጥ ገዛ። ሂሳቡ አሁን ከዜሮ በታች 400,000 ነው። ወለዱ የሚታሰበው በጣሪያው ላይ ሳይሆን በየቀኑ በተገኘው ዕዳ ላይ ስለሆነ፣ በቀን 175 ብር ያህል ይቆጠርበታል። በ20ኛው ቀን ጎንደር ያለ ደንበኛው 250,000 ብር ላከለት። ገንዘቡ በገባበት ቅጽበት ዕዳው ወደ 150,000 ይወርዳል፤ የቀን ወለዱም ወደ 66 ብር ገደማ ይቀንሳል። በ30ኛው ቀን ባንኩ የወሩን ወለድ፣ ማለትም 4,164 ብር ያህል፣ ከዚያው ሂሳብ ላይ ይቀንሳል። ነጋዴው ገንዘቡን ባያስገባ ኖሮ ወለዱ 5,260 ብር በሆነ ነበር።

የገባው ገንዘብ ዕዳ ቢከፍልም ለነጋዴው አልጠፋም። ጣሪያው እንዳለ ስለሆነ እስከ 345,000 ብር ድረስ መልሶ ማውጣት ይችላል። ገቢው የሌላ ባንክ ቼክ ከሆነ ግን ገንዘቡ እስኪሰበሰብ ድረስ ዕዳው አይቀንስም።

ያለ ፈቃድ ከዜሮ በታች የወረደ ሂሳብ ከዚህ የተለየ ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ ችግር ተፈጥሮ ብዙ ደንበኞች ከተቀማጫቸው በላይ ማውጣታቸውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ ከእነሱም ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ተቀማጩ 300 ብር የሆነ አንድ ተማሪ 8,000 ብር ቢያወጣ፣ ሂሳቡ ከዜሮ በታች 7,700 ይሆናል። ቁጠባ ሂሳብ ጣሪያ የለውም። ስለዚህ እናቱ ለቤት ኪራይ 2,000 ብር ብትልክለት ዕዳው ወደ 5,700 ይወርዳል እንጂ ከዚያ ላይ አንድ ብር ማውጣት አይችልም። እናቱ ልካለች፤ ልጁ ግን አልደረሰውም።

በሕግ ዓይን ባንኩ የራሱን ገንዘብ ነው የሚያስመልሰው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ያለ አግባብ የተገኘ ጥቅም እንዲመለስ ያዝዛል። ስህተቱ የማሽኑ መሆኑ ዕዳውን አይሰርዘውም።

በነጋዴውና በተማሪው መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ የመቀነስ ምልክቱ ላይ አይደለም፤ በሁለቱም ሂሳብ ላይ ምልክቱ አንድ ነው። ልዩነቱ የገባውን ገንዘብ መልሶ የማውጣት መብት በውል መኖሩና አለመኖሩ ነው። የሂሳብ መግለጫችሁን ስታነቡ ቀሪውን ብቻ ሳይሆን ሊወጣ የሚችለውን መጠን ለይታችሁ ተመልከቱ። ገንዘብ ከመላካችሁም በፊት ተቀባዩ ሂሳቡ በምን ላይ እንዳለ ጠይቁ።