የጫሞ አዞና አራቱ ምርጫዎች

ዛሬ የማወጋችሁ መምህራን የምርጫ ጥያቄ ስለሚያወጡበት ሙያ ነው። ትክክለኛውን መልስ መጻፍ ማንንም አያስቸግርም። ችግሩ ያለው የተሳሳቱት ሦስት ምርጫዎች ላይ ነው። መልስ መምሰል አለባቸው፣ መልስ ግን መሆን የለባቸውም። የጥያቄ አውጪው ችሎታም የሚለየው እዚያ ላይ ነው።

ለአርባ ምንጭ ልጅ ከጫሞ ሐይቅ አዞ የቀረበ ምሳሌ ስለማይገኝ ከእሱ እንነሳ። የአዞ ገበያ የሚባለውን የሐይቁን ዳርቻ በጀልባ ሄዶ ያላየ እንኳ ወሬውን እየሰማ ነው ያደገው። እንግዲህ በባዮሎጂ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ናይል አዞ መራባት እንዲህ የሚል አጭር አንቀጽ አለ እንበል። እናቲቱ እንቁላሎቿን አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች፤ ሦስት ወር ያህል ቆይተው ይፈለፈላሉ። የጫጩቱን ጾታ የሚወስነው ክሮሞዞም ሳይሆን የአሸዋው ሙቀት ነው። ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን በብዛት ወንዶች፣ ከዚያ ሲቀዘቅዝም ሆነ ሲሞቅ በብዛት ሴቶች ይፈለፈላሉ። ጾታው የሚወሰነው ደግሞ በመካከለኛው ወር ገደማ ነው።

ሰነፍ ጥያቄ «የአዞን ጾታ የሚወስነው ምንድን ነው?» ብሎ ሙቀት፣ ድንጋይ፣ ጨረቃና ዓሣ የሚሉ ምርጫዎችን ይደረድራል። አንቀጹን ያላነበበም ይመልሰዋል። እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ እጠይቃለሁ፦ አንድ ጎጆ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በ30 ዲግሪ ቆይቶ በመጨረሻው ወር ወደ 33 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ጫጩቶቹ ምን ይሆናሉ?

ሀ. በብዛት ወንዶች፣ ሲፈለፈሉ ሙቀቱ 33 ዲግሪ ስለነበረ።
ለ. ግማሹ ወንድ ግማሹ ሴት፣ ጾታ በእኩል ዕድል ስለሚከፋፈል።
ሐ. በብዛት ሴቶች፣ መካከለኛው ወር በ30 ዲግሪ ስላለፈ።
መ. በብዛት ሴቶች፣ ሙቀት ሲጨምር ሴቶች ስለሚበዙ።

መልሱ ሐ ነው። ሙቀቱ የተለወጠው ጾታው ከተወሰነ በኋላ ስለሆነ የኋለኛው 33 ዲግሪ የሚቀይረው ነገር የለም። ሀን የመረጠ ልጅ የሙቀቱን ቁጥር በትክክል ይዟል፤ የሳተው የጊዜውን ዓረፍተ ነገር ነው። ለን የመረጠ ልጅ ስለ ሰው የተማረውን የክሮሞዞም ትምህርት ወደ አዞ አምጥቶታል፤ አንቀጹ ግን ለአዞ ይህ እንደማይሠራ በግልጽ ይናገራል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥብኝ መ ነው። ልጁ «ሴቶች» ማለቱ ልክ ሆኖ ምክንያቱን ስቷል፤ 33 ዲግሪ ራሱ የወንዶች ክልል ውስጥ መሆኑን አላስተዋለም። ጥያቄው ምክንያቱን ባይጨምር ኖሮ ይህ ልጅ ሙሉ ነጥብ ይዞ ይሄድ ነበር፤ መምህሩም ልጁ ያልገባው ነገር እንዳለ ሳያውቅ ይቀር ነበር።

አራቱም ምርጫዎች ርዝመታቸው ተቀራራቢ መሆኑን ልብ በሉ። ብዙ ጥያቄ አውጪዎች ትክክለኛውን መልስ በጥንቃቄ ሲጽፉ ያስረዝሙታል፤ ብልህ ተማሪም ረጅሙን እየመረጠ ያልፋል። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ባዮሎጂ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ደግሞ የጥያቄው ቃል ከአንቀጹ ቃል መክበድ የለበትም። ከከበደ ልጁ የሚወድቀው በእንግሊዝኛው ሆኖ ሳለ መምህሩ አዞው አልገባውም ይላል።

ጥያቄው ደህና መሆኑ የሚታወቀው ከፈተናው በኋላ ነው። ወረቀቶቹን አስቀምጣችሁ እያንዳንዱን ምርጫ ስንት ተማሪ እንደመረጠው ቁጠሩ። ማንም ያልነካው ምርጫ ቦታ ከመያዝ በቀር አልሠራም፤ በሌላ ይተካ። የክፍሉ ጎበዞች በብዛት ወደ አንድ የተሳሳተ ምርጫ ከሄዱ ግን እነሱን ከመውቀሳችሁ በፊት ጥያቄውን ደግማችሁ አንብቡ፤ ምናልባት ሁለት መልስ ይኖረው ይሆናል። ከፈተናው በፊትም አንቀጹን ላላነበበ ሰው ጥያቄውን ስጡት። ሳያነብ በቀላሉ ካገኘው ጥያቄው አንቀጹን አልፈተነም ማለት ነው።

ጥያቄ ለምታወጡ መምህራን አንድ ልመና አለኝ። የመልስ ወረቀቱን ስትለጥፉ ፊደሉን ብቻ አትለጥፉ። ከእያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ ጎን ልጁ የት ላይ እንደሳተና አንቀጹ ውስጥ የትኛውን ዓረፍተ ነገር መልሶ ማንበብ እንዳለበት በአንድ መስመር ጻፉለት።