ከመሳቢያው የጎደለው 300 ብር



ዛሬ የምንነግራችሁ እዚሁ አማኑኤል ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና ስለሚሸጡ አንዲት አባላችን ነው። ደረሰኝ ይጽፉ ነበር፤ ደብተሩ ግን ቁጥር አልነበረውም። ቅጠል ቢቀደድ ማንም አያውቅም። ማታ ገንዘቡ ሲያንስባቸው ሱቁን አብራቸው የምትጠብቀውን የእህታቸውን ልጅ መጠርጠር ጀምረው ነበር።

መጀመሪያ ያደረግነው አዲሱን ደብተር ከመጠቀማችን በፊት ዋናውንም ከካርቦን በታች ያለውንም ቅጠል ከ001 ጀምሮ መቁጠር ነው። ዋናው ለገዢ ይሰጣል፣ ቅጂው ይቀራል። የተበላሸ ደረሰኝ አይቀደድም፤ «የተሰረዘ» ተብሎ ሁለቱም ቅጠል እዚያው ይቀመጣል። ይህ ለራሳችን መቆጣጠሪያ ነው እንጂ ለግብር የሚያገለግለውን፣ በገቢዎች ጽሕፈት ቤት ፈቃድ የሚታተመውን ደረሰኝ አይተካም።

ሁለተኛው የቀን ገንዘብ መዝገብ ነው። አንድ የገበያ ቀን እንውሰድ። ጠዋት ለመልስ 500 ብር መሳቢያ ውስጥ ነበር። ከ041 እስከ 058 ደረሰኝ ተጻፈ፤ 047 ተሰርዟል። የእጅ በእጅ ሽያጩ 3,240 ብር ሆነ። የ860 ብር ዕቃ በዱቤ ሄዷል፤ ይህ መሳቢያ ስላልገባ ለብቻው ይጻፋል። ከድሮ ዱቤ 400 ብር ተከፈለ። ለተሸካሚ 150፣ ለልጆች ደብተር መግዣ 300 ብር ወጣ። የቤት ወጪ ነው ተብሎ የሚታለፈው እንዲህ ያለው ነው፤ እኛ ግን ከሁሉ በፊት እሱን እናስጽፋለን። እንግዲህ 500፣ 3,240 እና 400 ተደምሮ 450 ሲቀነስ 3,690 ብር መገኘት ነበረበት። ሲቆጠር 3,390 ሆነ።

300 ብር የት ገባ? ቅጂዎቹን አንድ በአንድ ስናይ ቁጥር አልዘለለም። የ300 ብር ደረሰኝ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ 053። ስልኩ ሲታይ ገዢው በቴሌብር ከፍሎ ኖሯል፤ ልጅቱ ግን «እጅ በእጅ» ብላ ጽፋዋለች። ገንዘቡ ስልክ ላይ አለ፣ መሳቢያው ውስጥ አይገኝም። ከዚያ ወዲህ በየደረሰኙ ላይ ጥሬ፣ ቴሌብር ወይም ዱቤ ተብሎ ይጻፋል። አክስቲቱም ልጅቱን «አንቺን አምቼሽ ነበር» ብለው ይቅርታ ጠየቋት።

አንድ ነገር ግን እናስታውቃችሁ። ጭራሽ ሳይጻፍ የተሸጠ ዕቃ፣ ገንዘቡም መሳቢያ ካልገባ፣ በዚህ መንገድ አይያዝም። ያን የሚያሳየው የዕቃ ቆጠራ ነው። ስለዚህ አባላችን በሳምንት አንድ ቀን ዘይቱንና ስኳሩን ብቻ ይቆጥራሉ፤ ክብሪትና ሻማውን መቁጠር ድካሙ ከጥቅሙ ይበዛል ብለን ትተነዋል።