«ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ»

(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



እኛ ከሂሳብ ክፍል የምንመጣው ብዙውን ጊዜ የቁጠባና የብድር ዝርዝር ይዘን ነው። ዛሬ የያዝነው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው የተጻፈላት እህታችን እዚሁ በመካከላችን ተቀምጣለች፤ ስሟን እንዳንጠራ ተስማምተናል። እንድናነብ የፈቀደችልን የተወሰነውን ነው። ሁለት አንቀጾች የራሷ ስለሆኑ ወረቀቱን በዚያ በኩል አጥፋ ነው የሰጠችን፤ እኛም አልገለጥነውም።

ባለቤቷ ከወሎ ከወጣ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። በጅቡቲ በኩል ከኦቦክ በጀልባ ተሻግሮ፣ የመንን አቋርጦ ሳዑዲ ዐረቢያ ገባ። አሁን በደቡቡ ክፍል፣ ከከተማ ርቆ፣ የሰው ፍየልና በግ ይጠብቃል። ደብዳቤውን ያመጣው አብሮት የነበረና ተይዞ የተመለሰ ያገሩ ልጅ ነው። እንዲህ ይላል፤

«ለምወድሽና ለማከብርሽ ለልጆቼ እናት። ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ አልሐምዱሊላህ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ወረቀት የሚያደርስልሽ ሰው በአንድ ድንኳን አብሮኝ ያደረ ነው። ቡና አፍልተሽ አጠጪው፤ እኔን እንዳየሽ ቁጠሪው።

«በስልክ የማወራው ሁሉ ላንቺ አይደለም። ስልኩን ስታነሺው እናቴ አለች፣ ልጆቹ አሉ፣ ጎረቤት አለ። ‹ደህና ናችሁ ወይ፣ ብሩ ደረሰ ወይ› ብዬ እዘጋዋለሁ። ልነግርሽ የነበረው ትዝ የሚለኝ ከዘጋሁት በኋላ ነው። ማታ ከብቱን አስገብቼ ስቀመጥ፣ አንቺ ጋግረሽ ጨርሰሽ የእጅሽን ሊጥ ስትታጠቢ ይታየኛል። የሰጠሽኝ የሻሽ ቁራጭ ዛሬም ከኪሴ አልወጣም፤ ፀሐዩ ቀለሙን ጨርሶታል። ለትንሿ ፎቶዬን አሳያት፤ ስመጣ እንግዳ ነው ብላ እንዳትሸሸኝ።

«አይዞሽ፣ ለመጪው አረፋ ኢንሻአላህ እመጣለሁ። ባጃጇን ገዝቼ እንጀራሽን ለሆቴሎቹ ራሴ አደርስልሻለሁ። ለደሞዙ አታስቢ። የአራቱ ወር ከሰውዬው እጅ ነው፤ እዚያው ይጠራቀም ብዬ ነው። ስመጣ አንድ ላይ ተቀብዬ እመጣለሁ።»

እህታችን ይህን ይዛ ወደ እኛ የመጣችው ለማስነበብ አልነበረም። የመጣችው ስለ ብድር ልትጠይቅ ነው። አረፋ አሥር ወር ቀርቶታልና እሱ ሲመጣ ባጃጁ ደጅ ቆሞ እንዲጠብቀው፣ የጎደለውን ከማኅበሩ ልትበደርና ልታስደስተው አስባ ነበር። ጎደለ ያለችው ስንት እንደሆነ ስንጠይቃት በቃል ልትነግረን አልቻለችም። ስለዚህ ተቀምጠን አብረን ቆጠርን።

ሂሳቡን በሪያል እንያዘው፤ የሚያገኘው በሪያል ነው። ደሞዙ 1,200 ነው። ለምግቡና ለስልክ ካርዱ 300 አስቀርቶ 900 ይልካል። የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ ለመንገዱ የተበደረውን ዕዳ ከፍሎ አልቋል። ከዚያ ወዲህ ከሚላከው 500 ለቤቱ፣ 100 ለእናቱ ይሄዳል፤ 300 በእሷ ስም ባንክ ይገባል። እስካሁን የተጠራቀመው 4,200 ሪያል የሚያወጣ ብር ነው። እሷ አንድም ወር አላዛነፈችም፤ ደብተሯን ያየ ሰው ይመሰክራል።

ባጃጁን ሻጮች ዘንድ ሄዳ ጠየቀች። ዋጋው ወደ ሪያል ሲመነዘር 14,000 ገደማ መጣ። እሱ ሲሄድ በልቡ ይዞት የሄደው ዋጋ ከዚህ በጣም ያነሰ ነበር፤ በረሃ ላለ ሰው የአገሩ ገበያ ጥሎት በሄደበት ቀን እንደቆመ ነው የሚመስለው። ከ14,000 ላይ ያለው 4,200 ሲነሳ 9,800 ይቀራል። በወር 300 ሲከፈል ሠላሳ ሦስት ወር ይሆናል። ደብዳቤው የሚለው ግን አሥር ወር ነው።

እህታችን ቁጥሩን ስታይ ዝም አለች። ቀጥላም ያለፈው ዓመት መልእክቱም «ለመጪው አረፋ» ይል እንደነበር፣ የካቻምናውም እንደዚያው እንደነበር ነገረችን። ሰውዬው ይዋሻል ብላ አታውቅም፤ እኛም አንልም። ቀኑን የሚናገረው ናፍቆቱ ነው፤ ቀኑን የሚወስነው ግን ባጃጁ ነው። ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም።

ከዚያ ወደዚያች ስለ ደሞዝ ወደምታወራው ዓረፍተ ነገር ተመለስን። ሚስቱን ለማጽናናት የጻፋት ናት፤ ከደብዳቤው ሁሉ እኛን ያስፈራችን ግን እሷው ናት። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከዚያ አገር እንዴት እንደሚወጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

ባለቤቷ የመኖሪያ ፈቃድ፣ እነሱ «ኢቃማ» የሚሉት፣ የለውም። ኢቃማ የሌለው ሰው ትኬት ቆርጦ፣ ሻንጣ ይዞ፣ አሠሪውን ተሰናብቶ በአውሮፕላን ማረፊያ አይወጣም። ወይ ይያዛል፣ ወይ ራሱ ሄዶ እጁን ይሰጣል። ከዚያ እንደ ጅዳ አጠገብ እንዳለው ሹሜይሲ ባለ ማቆያ ውስጥ ሆኖ ተራውን ይጠብቃል። ፓስፖርት ከሌለው ቆንስላው ሊሴ ፓሴ ይሠራለታል። አሻራው ይወሰዳል፤ እንደ ተባረረ ሰው ስለሚመዘገብም ለሥራ ተመልሶ መግባት ይከለከላል። በ2009 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የሳዑዲ መንግሥት የዘጠና ቀን ምሕረት ሲያውጅ፣ ብዙዎች የተጠቀሙበት ቅጣቱና ይህ የአሻራ እገዳ ስለተነሳላቸው ነበር። እንዲህ ያለ ምሕረት ሲመጣ ነው እንጂ በዓል ስለደረሰ አይመጣም።

በማቆያው ውስጥ ኪስ ውስጥ ያለ ገንዘብ፣ ስልክም ቢሆን፣ ባለቤቱ እጅ መቆየቱ ዋስትና የለውም። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ዘመድ ተቀብላችኋል። ባዶ እጁን፣ አንዳንዱም በነጠላ ጫማ የወረደውን አይታችኋል። ከነዚያ ውስጥ ለዓመታት ሠርተው ደሞዛቸውን አሠሪያቸው ዘንድ «ያስቀመጡ» ነበሩ። የተያዙት በአንድ ሌሊት ነው፤ ሄደው የሚጠይቁበት ጊዜ አልነበራቸውም። ውል የሌለው ሰው ደግሞ ከዚህ ሆኖ የሚከስበት ወረቀት የለውም።

በእኛ ሙያ ሊከፈለን ይገባል የምንለው ግን ገና ያልተቀበልነው ገንዘብ «ተሰብሳቢ» ይባላል። ላይመጣ ይችላል ብለን የምንሰጋውን ደግሞ «አጠራጣሪ ተሰብሳቢ» ብለን ለብቻው እንጽፈዋለን። የአራት ወሩ ደሞዝ 4,800 ሪያል ነው። እህታችን ከባንኩ ገንዘብ ጋር ደምራ በአንድ ቁጥር ይዛው ነበር። አውጥተን ሌላ ገጽ ላይ ጻፍነው። (በነዚህ አራት ወራት ቤቱን ያቆመው የእሷ እንጀራ ሽያጭ መሆኑን እግረ መንገዳችንን እንናገር፤ በስልክ አልነገረችውም።)

እንግዲህ መልሱን መጻፍ የእሷ ፈንታ ነበር። በወረቀት እንዳትልክ ወደዚያ የሚሄድ ሰው የለም። በድምፅ እንዳትልክ ቤቱ ጆሮ አለው። በእጇ ጻፈችና ገጹን ፎቶ አንስታ በስልክ ላከችለት፤ ኔትወርክ ካለበት ሲደርስ ያገኘዋል። ከመልሱም ጥቂት ፈቅዳልናለች፤

«ደብዳቤህን ከመኝታዬ ራስጌ አድርጌዋለሁ። ቡናውን ጠጥቷል፤ ያንተን ሲኒ ነው የሰጠሁት። ባጃጇ ትቅርብን። እሷን ከጠበቅን ሦስት አረፋ ያልፋል፤ ትንሿም ፎቶህን አባቷ አድርጋ ታድጋለች። የሰው በግ ሦስት ዓመት ጠብቀሃል፤ መጥተህ የራሳችንን ጠብቅ። ሰውዬው የያዘውን የአራት ወር ገንዘብ ግን ከመነሳትህ በፊት ተቀበለው። አንድ ላይ እምቢ ካለህ ከፋፍሎም ይስጥህ። አንተ እስክትመጣ አትጠብቅ፤ ገንዘቡ ይቅደምህ።»

የበጉን ሐሳብ ያመጣችው እሷ ናት፤ እኛ ቁጥሩን ብቻ ነው ያየነው። ደሞዙ ከተለቀቀና 300ው ለአሥሩ ወር ከቀጠለ 3,000 ይጨመራል፤ ካለው ጋር 7,200 ይሆናል። ለባጃጅ ግማሽ ነው፤ ለበግ ማደለብ ግን ከበቂ በላይ ነው። አንድ ዙር ሦስት ወር ያህል ይፈጃል። ከአረፋ ሦስት ወር ቀደም ብላ አምስት ወጠጤ በጎች ገዝታ በድርቆሽ፣ በፉርሽካና በጥቂት ፋጉሎ ትጀምራለች። አምስት ያልነው የመኖ ዋጋ ከፍ ዝቅ ስለሚልና በመጀመሪያው ዙር ከከሰረች የባንኩ ገንዘብ ሁሉ አብሮ እንዳይሄድ ነው። ብድሩን አልወሰደችም። ማኅበሩ ወለድ ቀረበት፤ ይሁን።

ቀላል ያልሆነውንም እንናገር። በየወሩ 100 ሪያል የምታገኘው አማቷ ናት። ልጇ ከተመለሰ ያ ይቆማል። ታናሽ ወንድሙም «እዚያው ይቆይ፣ እኔም ልከተለው» ይላል። እህታችን ሂሳቡን ወረቀት ላይ ይዛ ሄዳ አማቷን አስቀምጣ ነገረቻቸው። እማማ መጀመሪያ ተቆጡ። ከዚያ «ልጄን ላየው ከሆነ ገንዘቡ ይቅር፤ ከአምስቱ በግ ግን አንዱ የኔ ነው» አሉ። ተጽፏል፤ አንዱ የእሳቸው ነው። የወንድሙ ነገር ገና አልተፈታም።

መልሱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። ሰውዬው ከአራቱ የሁለቱን ወር ከፍሎታል፤ ያገሩ ልጅ ወደ ከተማ ወስዶለት ተልኳል፤ ደርሷልም። የቀረው 2,400 ዛሬም በሌላኛው ገጽ ላይ ነው። ስለ ባጃጇ በመልእክቱ ምንም አላነሳም። ስለ ናፍቆትም ያለው በታጠፈው በኩል ከሆነ አናውቅም። መጨረሻው ላይ ግን እንዲህ ይላል፤ «ጉረኖውን ከቤቱ በስተታች አድርጊው፤ ከላይ ካደረግሽው ዝናብ ሲዘንብ ፍሳሹ ወደ ምድጃሽ ይወርዳል። በሩን ጠበብ አድርጊው። እኔ መጥቼ አሰፋዋለሁ።»